እውነት ወይስ ተረት? «ሁለት ፓምፕ እጥፍ ውሃ ይሰጣል»

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት ፎቆች ምድር ቤት ብትወርዱ የምታገኙት ነገር በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። በፈረቃ የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ የሚያጠራቅም ትልቅ ታንከር አለ፤ ከጎኑ ሁለት አንድ ዓይነት ፓምፖች ተተክለዋል፤ ከእነሱም አንድ ቱቦ ተነሥቶ ጣሪያ ላይ እስካለው ሮቶ ድረስ ይወጣል። ጠዋት ነዋሪው ሁሉ ውሃ ሲከፍት ሮቶው ይጎድላል፣ ቅሬታ ይመጣል፣ ያኔ ጥበቃው ወይም የሕንፃው ቴክኒሺያን ሁለቱንም ፓምፕ ያስነሣል። በወሩ መጨረሻ የመብራት ሂሳቡ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ምክንያቱን ግን ማንም ከፓምፖቹ አነሣስ ጋር አያያይዘውም።

ሁለት ፓምፖች የሚገናኙበት መንገድ ሁለት ነው። በፓራለል ወይም ጎን ለጎን ሲሆኑ ሁለቱም ከአንድ ታንከር እየሳቡ ወደ አንድ ቱቦ ይገፋሉ። በሲሪየስ ወይም በተከታታይ ሲሆኑ ደግሞ የመጀመሪያው ያወጣውን ሁለተኛው ተቀብሎ እንደገና ይገፋዋል። ስለ እነዚህ ሁለት አሠራሮች በየሕንፃው የሚነገረው ነገር ግማሽ እውነት ስለሆነ ገንዘብ ያስከፍላል። ነገሩን ለማየት አንድ ሕንፃ ወስደን እናስላ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ቢሆኑም በአካባቢው ካሉት ፎቆች የራቁ አይደሉም።

ሕንፃው ጂ ፕላስ ስምንት ነው። ከምድር ቤቱ ታንከር የውሃ ወለል እስከ ጣሪያው ሮቶ አፍ 36 ሜትር ከፍታ አለው። ይህ 36 ሜትር ፓምፑ ምንም ያህል በዝግታ ቢሠራ የማይቀር ዕዳ ነው፤ ውሃው እዚያ ካልደረሰ አይፈስም። በዚህ ላይ በቱቦው ውስጥ ያለው ሰበቃ ይጨመራል። የሰበቃው ክፉ ባሕርይ ደግሞ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። የዚህ ሕንፃ ቱቦ ባለ ሁለት ኢንች የቆየ ብረት ስለሆነ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ሲያልፍበት 7 ሜትር ያህል ከፍታ በሰበቃ ይበላል። እያንዳንዱ ፓምፕ መውጫው ተዘግቶ ሲሠራ 55 ሜትር ድረስ ይገፋል፤ ውሃ መስጠት ሲጀምር ግን ጉልበቱ እየቀነሰ ሄዶ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ሲሰጥ 43 ሜትር ላይ ይደርሳል። 36 እና 7 ሲደመሩም 43 ናቸው። ስለዚህ አንድ ፓምፕ ብቻውን ሲሠራ በዚህ ሕንፃ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ያወጣል።

ተረት፦ ሁለቱን ጎን ለጎን ካስነሣን ውሃው እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው ሲነሣ በሰዓት 20 ሜትር ኩብ የሚጠብቅ ሰው ቱቦውን ረስቷል። 20 ሜትር ኩብ በዚያ ቱቦ ቢያልፍ ሰበቃው ከ7 ወደ 28 ሜትር ይዘላል፤ ከ36ቱ ጋር ሲደመር 64 ሜትር ነው። ፓምፖቹ ግን ምንም ውሃ ሳይሰጡ እንኳ ከ55 አያልፉም። ስለዚህ ፍሰቱ የፓምፖቹ ጉልበትና የቱቦው ዕዳ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ብቻ ያድጋል። በዚህ ሕንፃ የሚገናኙት በሰዓት 13.8 ሜትር ኩብ ላይ ነው። የተገኘው ጭማሪ 38 በመቶ ነው፤ እጥፍ ከሚሆነው እጅግ ይርቃል።

ከዚህ የባሰው በኤሌክትሪኩ ላይ የሚሆነው ነው። አሁን ሁለቱ ፓምፖች የሚገፉት 43 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 49 ሜትር ሆኗል፤ ተጨማሪው 6 ሜትር ጣሪያው ከፍ ስላለ የመጣ ሳይሆን ቱቦው ስለተጨናነቀ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ፓምፕ ደግሞ ከሚመቸው 10 ሜትር ኩብ ወርዶ 6.9 ብቻ እየሰጠ ነው። ፓምፕ ከሚመቸው ፍሰት በራቀ ቁጥር ብቃቱ ይወርዳል። ሞተሩንና ፓምፑን አንድ ላይ ወስደን ብቃታቸው ከ52 በመቶ ወደ 46 በመቶ ወረደ እንበል።

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ለማውጣት የሚፈጀውን ኪሎዋት ሰዓት ማግኘት ቀላል ነው፤ የሚገፋውን ከፍታ በሜትር ለ367 ማካፈል፣ የተገኘውን ደግሞ ለብቃቱ ማካፈል ነው። አንድ ፓምፕ ብቻውን ሲሠራ ለአንድ ሜትር ኩብ 0.225 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ 0.292 ይወስዳሉ። ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ጣሪያውም ያው ጣሪያ ነው፤ ዋጋው ግን በ30 በመቶ ጨመረ። ሕንፃው በቀን 40 ሜትር ኩብ የሚጠቀም ከሆነ አንዱ ፓምፕ አራት ሰዓት ሠርቶ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። ሁለቱ ሥራውን ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያጠናቅቁና 11.7 ይጨርሳሉ። ልዩነቱ በዓመት ወደ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል፤ የተገዛበት ነገር ቢኖር የአንድ ሰዓት ፍጥነት ብቻ ነው።

ተረት፦ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ የእያንዳንዱ አምፔር ስለሚወርድ ኤሌክትሪክ ቆጠብን።

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ጠንቃቃ ኤሌክትሪሺያኖች ናቸው፤ የሚያዩትም እውነት ነው። ክላምፕ ሜትራቸውን ገመዱ ላይ ሲያስሩ የመጀመሪያው ፓምፕ ብቻውን ከነበረበት ያነሰ አምፔር ይነበባል። በእኛ ሕንፃ አንዱ ብቻውን 2.25 ኪሎዋት ይወስድ የነበረው ከሁለተኛው ጋር ሲሆን ወደ 2 ይወርዳል። የወረደው ግን የሚሰጠው ውሃ ስለወረደ ነው። ኃይሉ የወረደው በአሥር በመቶ ገደማ ሲሆን ውሃው የወረደው በ31 በመቶ ነው። አምፔርን ከውሃው ለይቶ ማንበብ የትም አያደርስም፤ መነጻጸር ያለበት ኪሎዋት ሰዓት ለሜትር ኩብ ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ፓምፕ ለምን ተተከለ? አንደኛው ሲበላሽ ሕንፃው እንዳይደርቅ ነው፤ ይህ በቂ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት የጠዋቱ ግፊያ ነው፤ እሱም ከሮቶው መጠን ጋር አብሮ መታየት አለበት። ከ12 እስከ 2 ሰዓት ጠዋት ሕንፃው በሰዓት 12 ሜትር ኩብ ቢፈጅ በሁለት ሰዓት 24 ይሆናል። አንዱ ፓምፕ በዚያው ጊዜ 20 ይሞላል። የጎደለችውን 4 ሜትር ኩብ 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሮቶ፣ ሌሊቱን ሞልቶ ካደረ፣ ሳይንገዳገድ ይሸፍናታል። ሮቶው 2 ሜትር ኩብ ብቻ ከሆነ ግን ሁለተኛው ፓምፕ መነሣቱ ግድ ነው። ስለዚህ ለሁለቱ ፓምፖች አንድ መነሻ መስጠት ትክክል አይደለም። የመጀመሪያው ፍሎት ሮቶው ትንሽ ሲጎድል ይነሣ፤ የሁለተኛው ፍሎት ሮቶው አንድ ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ብቻ ይነሣ። ማን ቀድሞ እንደሚነሣ በየሳምንቱ ማፈራረቅ ሁለቱም እኩል እንዲያረጁ ይረዳል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ቶሎ መሙላት የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ያኔ 30 በመቶውን ጭማሪ እያወቁ መክፈል ይቻላል። ቅር የሚለኝ ሳያውቁ፣ በየቀኑ፣ ያለ ምክንያት መክፈሉ ነው።

ተረት፦ ለብዙ ውሃ ፓራለል፣ ለግፊት ሲሪየስ።

ይህ በየኮሌጁ የሚነገር አጭር ሕግ ነው፤ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ያው ሕንፃ፣ ያው ባለ ሁለት ኢንች ቱቦ፣ ያው ሁለት ፓምፕ ሆኖ ግንኙነታቸው ወደ ሲሪየስ ቢቀየር በሰዓት የሚወጣው 15.4 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከፓራለሉ 13.8 ይበልጣል! ጠባብ ቱቦ ውሃ የሚከለክለው ግፊት በመብላት ስለሆነ ግፊት የሚጨምረው አሠራር ብዙ ውሃ አሳለፈ።

አሁን ፓምፖቹን ሳንነካ ቱቦውን ብቻ ወደ ሁለት ተኩል ኢንች እንቀይር። ሰበቃ ከቱቦው ስፋት ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ ስለታም ነው፤ በዚህች ግማሽ ኢንች ከሩብ ብዙም ወደማይበልጥ መጠን ይወርዳል። ያኔ አንድ ፓምፕ ብቻውን 11.7 ሜትር ኩብ ይሰጣል፤ ሁለቱ በፓራለል 19.7፤ በሲሪየስ ደግሞ 17 ገደማ። አሸናፊው ተገለበጠ። ፓምፖቹ አልተለወጡም፤ ፍርዱን የሰጠው ቱቦው ነው።

ወጪውም ከቱቦው ጋር ይሄዳል። በሰፊው ቱቦ አንዱ ፓምፕ ብቻውን ለሜትር ኩብ 0.202 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለቱ በፓራለል ሲሠሩ 0.227፣ ማለትም በጠባቡ ቱቦ አንዱ ብቻውን ይፈጅ የነበረውን ያህል ነው። ሕንፃ ሲገነባ በሁለት ኢንችና በሁለት ተኩል ኢንች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት የሚያስቀር ባለቤት ልዩነቱን ለመብራት በየወሩ ይከፍላል።

በጠባቡ ቱቦ ሲሪየሱ ብዙ ውሃ ስለሰጠ ግን ማንም ወደዚያ እንዳይሮጥ። ሦስት ነገሮች ይከለክላሉ። አንደኛው ወጪው ነው። እያንዳንዱ ፓምፕ ከሚመቸው 10 አልፎ ከ15 በላይ ስለሚሰጥ ብቃቱ ወደ 42 በመቶ ቢወርድ ለሜትር ኩብ 0.34 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ከአንዱ ፓምፕ በግማሽ ይበልጣል ማለት ነው። ሞተሩም ከለመደው በላይ ኃይል ስለሚስብ ይግላል፤ ኦቨርሎዱ እየዘለለ ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ግፊቱ ነው። ሮቶው ሞልቶ የላይኛው ተንሳፋፊ ቫልቭ ቢዘጋና ፓምፖቹ ባይጠፉ 55 እና 55 ተደምሮ 110 ሜትር፣ ማለትም 11 ባር ይሆናል። ብዙ ቱቦዎችና መገጣጠሚያዎች 10 ባር የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ናቸው። የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ታችኛው ወለል ላይ፣ ከፓምፑ አጠገብ ነው።

ሦስተኛው የአዲስ አበባ የራሷ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ስለማይቆጥረው ልቆይበት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ፓምፕ ውሃ «ሲስብ» በእውነቱ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ያ ግፊት 10.3 ሜትር የውሃ ዓምድ ይሸከማል፤ ቦሌ ላይ 7.8 ያህል ብቻ። ፓምፑ ራሱ መግቢያው ላይ 3 ሜትር ቢፈልግ፣ ለመሳቢያ ቱቦው ሰበቃና ለውሃው እንፋሎት ጥቂት ቢቀነስ፣ ከፓምፑ በታች ካለ ታንከር መሳብ የሚችለው 4 ሜትር ገደማ ነው፤ አምራቹ በባሕር ወለል ለክቶ ብሮሹር ላይ የጻፈው ከዚህ ይበልጣል። ፓምፑ ከሚመቸው ፍሰት በላይ ሲሮጥ ደግሞ መግቢያው ላይ የሚፈልገው ከ3 ወደ 5 ወይም 6 ሜትር ይወጣል። ያኔ ከመሬት በታች ካለው ታንከር የሚስበው የመጀመሪያው ፓምፕ ውስጥ ውሃው በቀዝቃዛነቱ ይፈላል፤ አረፋዎቹ ሲፈነዱ ኢምፔለሩን ይበሉታል። ምልክቱ ጠጠር የገባበት ያህል መንኳኳቱና የግፊት መለኪያው መርፌ መንቀጥቀጡ ነው። እዚህ ከተማ ፓምፕ ሲተከል ታንከሩን ከፓምፑ ከፍ አድርጎ ውሃው ራሱ እንዲገባ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል።

ሲሪየስ ግን ቦታው አለው። ሕንፃው ረዝሞ ከታንከር እስከ ሮቶ 60 ሜትር ቢሆን እነዚያ ሁለት ፓምፖች በፓራለል አንድ ጠብታ አያደርሱም። እያንዳንዳቸው 55 ላይ ስለሚቆሙ ሦስትም አራትም ቢጨመሩ ውሃው ከ55 ሜትር በላይ አይሄድም፤ ሞተሮቹ ይዞራሉ፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ውሃው በፓምፖቹ ሆድ ውስጥ ይሞቃል። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው አንድ ባለ ብዙ ደረጃ ፓምፕ ነው። እሱ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ ኢምፔለሮች በተከታታይ የተደረደሩበት፣ ግፊቱንም እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። የጥልቅ ጉድጓድ ሰብመርሲብል ፓምፖችም እንዲሁ ናቸው።

ከተማዋ ራሷ ሁለቱንም አሠራር ትጠቀማለች። ከደቡብ የሚመጣው የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ መነሻው ከቦሌ 200 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ጉድጓዶቹ እርስ በርስ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ጋራ ማጠራቀሚያ ያወጣሉ፤ ዳገቱን ደግሞ ውሃው በየደረጃው ባሉ የግፊት ማሳደጊያ ጣቢያዎች ይወጣዋል። በየመካከሉ ታንከር መኖሩ ግፊት እንዳይደራረብ፣ የአንዱ ጣቢያ መቆምም ሌላውን ወዲያው እንዳያቆም ያደርጋል። 200 ሜትር ማውጣት ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ ለሜትር ኩብ 0.54 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። በምሥራቅ በኩል ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው ውሃ ግን ከከተማው ከፍ ካለ ቦታ ስለሚነሣ በስበት ይወርዳል።

ተረት፦ ኢንቨርተር ከገጠምን ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰን ኤሌክትሪኩን ወደ ስምንተኛ እናወርዳለን።

ሻጮች የሚጠቅሱት ይህ ሕግ ራሱ እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን ከፍታ በሌለበት ነው። በቦሌ ሆቴሎች ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ በዝግ ቱቦ እየዞረ ተመልሶ ወደ ቦይለሩ በሚገባበት መሥመር ፓምፑ የሚታገለው ከሰበቃ ጋር ብቻ ነው። እዚያ ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱ ፍሰቱ በግማሽ፣ ኃይሉ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል።

ወደ ሮቶ በሚያወጣ ፓምፕ ግን 36 ሜትሩ ቆሞ ይጠብቃል። የፓምፕ የመግፋት ከፍታ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይወርዳል። ከ50 ኸርዝ ወደ 40 ስታወርዱት 55 ሜትሩ 35.2 ይሆናል፤ ከ36 አነሰ። ሞተሩ እየዞረ፣ ኃይል እየበላ ጣሪያው ላይ ምንም አይደርስም። 45 ኸርዝ ላይ 6.7 ሜትር ኩብ በሰዓት ይወጣል፤ ለሜትር ኩብ የሚፈጀውም ከ0.225 ወደ 0.218 ይወርዳል። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ሲቀነስ ከትርፉ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ሮቶ ባለው ሕንፃ አንዱን ፓምፕ በሚመቸው ፍሰት አሠርቶ ሲሞላ ማጥፋት ይሻላል።

ሮቶ ሳይኖር ቀጥታ ወደ ክፍሎቹ በሚገፋ ሕንፃ ነገሩ ይለያል። እዚያ ፍላጎቱ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ በፓራለል ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ፓምፖች፣ ቢያንስ አንዱ በኢንቨርተር እየተመራ፣ አንድ ትልቅ ፓምፕ በቫልቭ ታንቆ ከሚሠራው ብዙ ይቆጥባሉ። ሌሊት አንድ ሰው እጁን ለመታጠብ ሲከፍት ትልቁ ሞተር እንዳይነሣ የግፊት ጋን አብሮ ያስፈልጋል።

ተረት፦ ፓምፕ ፓምፕ ነው፤ የተገኘውን ጎን ለጎን መትከል ይቻላል።

አንዱ ፓምፕ ተቃጥሎ ገበያ ላይ በተገኘው ሌላ ሲተካ ይህ ስሕተት ይፈጸማል። አዲሱ የሚገፋው እስከ 42 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ነባሩ ብቻውን ቱቦው ውስጥ 43 ሜትር ስለሚፈጥር፣ የአዲሱ ቼክ ቫልቭ ተገፍቶ እንደተዘጋ ይቀራል። ፓምፑ ዞሮ ዞሮ አንድ ሊትር አይሰጥም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሆዱን በእጅ ብትነኩት ይፋጃል፤ ቀጥሎ ሲሉ ይቃጠላል። ተቃራኒው ብልሽትም አለ። ቼክ ቫልቩ ዝጎ ካልዘጋ አንዱ ያወጣው ውሃ በቆመው ፓምፕ በኩል ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ምልክቱ የቆመው ሞተር ማራገቢያ ወደ ኋላ ሲዞር መታየቱ ነው፤ ውሃው በክብ እየዞረ ቆጣሪው ብቻ ይሄዳል።

እነዚህን ሁሉ በራስ ሕንፃ ላይ ለማረጋገጥ ወደ ሮቶ በሚወጣው ቱቦ ላይ አንድ የውሃ ቆጣሪ፣ በፓምፖቹ መሥመር ላይ አንድ ንዑስ የመብራት ቆጣሪ፣ መውጫው ላይ ደግሞ አንድ የግፊት መለኪያ ይበቃል። ሮቶው ጎድሎ እያለ አንደኛውን ብቻ ለአንድ ሰዓት አሠርታችሁ የሁለቱን ቆጣሪ ልዩነት ጻፉ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን ብቻ፤ በመጨረሻ ሁለቱን። ኪሎዋት ሰዓቱን ለሜትር ኩቡ አካፍሉ። ሁለቱ ሲነሡ መለኪያው በግማሽ ባር ወይም ከዚያ በላይ ከዘለለ ቱቦው ጠቧል። የሁለቱ ለየብቻ ውጤት በጣም ከተራራቀ አንዱ ፓምፕ አርጅቷል ወይም የሌላው ቼክ ቫልቭ ያፈስሳል። ፓምፕ ለመጨመር ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህ ሦስት ሰዓት ይቅደም፤ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ፓምፕ ሳይሆን አንድ ቼክ ቫልቭ፣ አንድ ተጨማሪ ሮቶ ወይም ሰፋ ያለ ቱቦ ሆኖ ይገኛል።